ካሜራው አልዋሸም፤ ያየው ቆዳውን ነው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ሰው በቴሌግራም ድፍን የ21 ካራት አምባር ልሽጥልሽ ብሎ አምስት ፎቶ ልኮልኛል። የውስጥ ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው ይላል። ሚዛን ላይ 23.8 ግራም ያሳያል፣ 875 የሚል ማህተም አለው፣ ደረሰኝም አለው። ቀብድ ላኪልኝና ላስቀምጥልሽ እያለኝ ነው። ፎቶዎቹን አይተው ትክክለኛ ወርቅ መሆን አለመሆኑን ይነግሩኛል?»

አልችልም እህቴ። አንጥረኛ ሆኜ ዕድሜዬን የጨረስኩት ወርቅ ስነካ ነው፤ በእጄ ያልያዝኩትን ግን «ትክክለኛ ነው» ብዬ አላውቅም። ቀብዱን አትላኪ። ይህን ስልሽ ፎቶዎቹ ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። አራተኛዋ ፎቶ ሻጩ ሊናገር ያልፈለገውን ተናግራለች። እሷ ጋ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደማልችል ልንገርሽ። ሰው ሁሉ «ፎቶ ይዋሻል» ይላል። እዚህ ላይ ችግሩ እሱ አይደለም። የወርቅ ቅብ የሆነ አምባር ፎቶ ብታነሺ ካሜራው የሚያሳይሽ እውነተኛ ወርቅ ነው። ቅቡ እኮ ወርቅ ነው! ከላይ የተለበጠው ስስ ሽፋን ከባንክ ወርቅ የሚለይበት ነገር የለም። ርካሽ ቅብ ብዙ ጊዜ ግማሽ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የራስሽ ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ ያ ሽፋን ከፀጉርሽ ከመቶ እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው ማለት ነው። ብርሃን ግን ለዚያ ግድ የለውም። ወርቅ ላይ ሲያርፍ አንድ አስረኛ ማይክሮን እንኳ በደንብ ሳይዘልቅ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከሽፋኑ ሥር ነሐስ ይሁን መዳብ ይሁን ብረት፣ ካሜራው ጋ የሚደርስ ምንም ወሬ የለም። ስልኩ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ፎቶው የፈለገውን ያህል ቢጠራ ለውጥ የለውም።

በ2000 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሺ እንደሆን እንጃ። ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ ተመልሶ መጣ፤ ወርቅ የተቀባ ብረት ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ «እንዴት አይናቸው አያይም?» ይል ነበር። አይን ያየው ወርቅ ነው፤ ሌላ ምን ሊያይ ይችል ነበር? ብረት በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 7.8 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ንጹህ ወርቅ 19.3። በመጠን እኩል የሆኑ ሁለት ጡቦች ቢኖሩ የብረቱ ክብደት የወርቁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ልዩነቱን የሚያውቀው እጅና ሚዛን ነው።

ቀለሙስ? ብዙ ሰው ፎቶ ልኮ «ቢጫነቱ እንዴት ነው?» ይለኛል። በቀለም እኔም አንዴ ተዋርጃለሁ። አንዲት የቆየች ደንበኛዬ የሀብል ፎቶ ላከችልኝ። ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ የታመመ የሚመስል ቢጫ ነው። «ይሄ ነሐስ ነው፣ ተይው» አልኳት። ተወችው። ከሳምንት በኋላ የገዛችው እህቷ ሀብሉን ይዛልኝ መጣች። ፈተንኩት፤ ጥርት ያለ 18 ካራት። አንጥረኛው ከመዳብ ይልቅ ብር አብዝቶ አቅልጦት ነበር። ብር የበዛበት ወርቅ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ መዳብ የበዛበት ወደ ቀይ። በዚያ ላይ ፎቶው የተነሳው በነጭ መብራት ሥር ነው። ስልክ ደግሞ ነጩን ነጭ ለማድረግ ብሎ ቀለሙን ሁሉ እንደመሰለው ያስተካክላል። ያው አምባር ቀይ ጨርቅ ላይና ነጭ ወረቀት ላይ ሲነሳ ሁለት የተለያየ ወርቅ ይመስላል። ደንበኛዬ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ከዚያ ወዲህ በፎቶ ቀለም አይቼ «ነው»ም «አይደለም»ም አልልም።

አሁን ወደ ማህተሙ። ሻጩ የሚመካው በ875ቱ ነው። 875 ማለት ከሺህ 875 እጁ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ ያ 21 ካራት ነው። 750 ከሆነ 18 ካራት፣ 916 ከሆነ 22። ማህተም ግን ቃል ነው፣ ምርመራ አይደለም። የሚመታው በትንሽ ብረት መምቻና በመዶሻ ነው፣ መምቻውም ማንም የሚገዛው ዕቃ ነው። ነሐስ ላይ 875 ስትመቺ ነሐሱ አይቃወምሽም። እውነተኛ ማህተም ያለበት መቆለፊያ ቅብ ሀብል ላይ ተበይዶም አይቻለሁ። ቁልፉ ወርቅ ነው፣ ሌላው ነሐስ። አጭበርባሪው፣ ገዢ ቁልፉን ብቻ እንደሚያይ ያውቃል።

ማህተም የሚጠቅምሽ በሌላ በኩል ነው። ከ875 ይልቅ 925 ተጽፎ ብታገኚ ዕቃው ብር ነው፤ ቢጫ ከሆነ ወርቅ የተቀባ ብር ነው። ‹ጂፒ› የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካየሽም ራሱ አምራቹ «ቅብ ነው» እያለሽ ነው። አንዳንዱ ሻጭ እነዚያን ፊደላት በጣቱ ሸፍኖ ፎቶ ያነሳል። ጣት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ካረፈ ጠርጥሪ።

አንቺ የላክሽልኝ ፎቶ ላይ ደግሞ ማህተሙ በትክክል አይነበብም። አንቺ «875 ይላል» ብለሻል፤ እውነቱን ለመናገር 875ን ያነበብሽው ሻጩ ስለነገረሽ ነው። አምባር ላይ የሚመታ ቁጥር ቁመቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ 0.7 ሚሊ ሜትር እንበለው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ተራ ፎቶ ስትልኪ ረጅሙን ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 የምስል ነጥብ ያወርደዋል። ፎቶው ላይ የሚታየው ቦታ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ስድስት ነጥብ ገደማ ነው። ቁጥሩ በሙሉ በአራት ወይም በአምስት ነጥብ ቁመት ተሳለ ማለት ነው። በዚያ መጠን 8ን ከ3፣ 5ን ከ6 መለየት ግምት እንጂ ማንበብ አይደለም። ፎቶውን በጣትሽ ስታሰፊው የሚጨመር ነገር የለም፤ ያው ነጥብ ነው የሚተልቀው። በቅርብ አንስቶ «ፋይል» አድርጎ ቢልክልሽ ቁጥሩ ሊነበብ ይችላል። ተነበበ ማለት ግን እንዳልኩሽ የአንድ ሰው ቃል ተነበበ ማለት ነው።

የሚዛኑ ፎቶ ከሁሉም የተሻለ ነው። እዚህ ጋ አንድ ስሌት አለ፣ እኔ የምወደው። ሻጩ ራሱ ሦስት ነገር ተናግሯል፦ ውስጡ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 23.8 ግራም፣ ያውም ድፍን። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ?

አምባሩን ቆርጠሽ ብትዘረጊው ክብ ሽቦ ይሆናል። ርዝመቱን ለማግኘት 60 ሚሊ ሜትር ላይ የሽቦውን ውፍረት 3 ትጨምሪና በ3.14 ታባዢዋለሽ፤ 198 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሽቦው ፊት ስፋት 1.5 በ1.5 በ3.14 ነው፤ 7.07። ሁለቱን ስታባዢ 1,400 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1.4 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ይመጣል። 21 ካራት ወርቅ በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 17 ግራም ገደማ ነው። 1.4 በ17፣ 23.8 ግራም። ቁጭ!

ይኸው አምባር ነሐስ ቢሆን ኖሮ 12 ግራም አካባቢ ነበር የሚመዝነው። ስለዚህ ሻጩ «ድፍን 21» ብሎ ሚዛኑ 12 ቢያሳይ ኖሮ በፎቶ ብቻ «አይሆንም» እልሽ ነበር። ውስጡ ባዶ የሆነ ወርቅ ሊሆን ይችላል፣ ቅብ ነሐስም ሊሆን ይችላል። ድፍን 21 ግን አይሆንም። ፎቶ ጉልበት የሚያገኘው እንዲህ ነው፦ የሻጩን ቃል ከሻጩ ቃል ጋር ሲያጋጭ።

ያንቺኛው ግን አልተጋጨም። ታዲያ ለምን አልረካሁም? አንደኛ፣ ይህ ስሌት ስስ ነው። ውፍረቱ 3 ሳይሆን 2.8 ቢሆን፣ ማለትም በማስመሪያ የማይታይ ልዩነት ቢኖር፣ ክብደቱ ወደ 20.6 ይወርዳል። 0.2 ሚሊ ሜትር ሦስት ግራም በላች። አምባሩ አጠገብ ማስመሪያ ያስቀመጠበት ፎቶም ማስመሪያው ከአምባሩ ዝቅ ብሎ ስለተኛ ለካሜራው የቀረበው አምባር ተልቆ ይታያል። ሁለተኛ፣ ከላይ የተነሳ ፎቶ ከአምባሩ ሥር ምን እንዳለ አያሳይም፤ ሚዛኑም ትክክል ስለመሆኑ የሚመሰክርለት የለም። ሦስተኛው ትልቁ ነው። ይህን ስሌት እኔ ከቻልኩት ሻጩም ይችለዋል። ቁጥሩ እንዲህ ልክ ብሎ የመጣው ወይ አምባሩ እውነተኛ ስለሆነ ነው፣ ወይ የሌላ አምባር ቁጥር ስለሆነ ነው፣ ወይ ሰውየው ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። ፎቶው ከሦስቱ አንዱን አይመርጥልሽም።

እሺ፣ አራተኛዋ ፎቶ።

የመጀመሪያዋን ፎቶ ክፈቺ። አምባሩ ቀይ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ከላይ ተነስቷል። ዙሪያውን በጣትሽ ተከተይው። ስፌት የለውም፣ መክፈቻ የለውም፣ ድፍን ክብ ነው። በእጅ ተገፍቶ የሚገባ ዓይነት። የሚዛኑ ፎቶ ላይ ያለውም እንዲሁ ነው። አሁን የማህተሙን ፎቶ ክፈቺ፣ አራተኛዋን። ቁጥሩን ተዪው። ከቁጥሩ በስተግራ ጠርዙ ላይ ተመልከቺ። ጫፉ ብቻ ፎቶው ውስጥ የገባ ትንሽ ማጠፊያ አለ፣ በመሃሉ ቀጭን ካስማ የገባበት። ከጎኑም ቀጭን ጥቁር መስመር፣ አምባሩ የሚከፈትበት። እንግዲህ ማህተሙ ያለው ማጠፊያ ያለው አምባር ላይ ነው፤ ሚዛን ላይ የወጣው ማጠፊያ የለውም።

ሰውየውን ሌባ ነው አላልኩም። ሁለት አምባር ኖሮት ተምታቶበት ሊሆን ይችላል። ይህም ፎቶ ስለ ወርቅነቱ ምንም አልነገረኝም፤ ማጠፊያ ያለውም የሌለውም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አምስቱ ፎቶዎች የአንድ አምባር አይደሉም። ያ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያፈርሰዋል። ማህተሙ የየትኛው ነው? 23.8ቱ የየትኛው? ደረሰኙስ? ደረሰኙ ላይ 23.8 ግራም ተጽፏል። ይህ የሚያሳየው አንድ ቀን አንድ ሰው 23.8 ግራም የሆነ ነገር እንደገዛ ነው። ወረቀቱን ከአምባሩ ጋር የሚያስተሳስር ክር የለም።

ሰው አንድ ጥያቄ የጠየቀ ይመስለዋል እንጂ «ትክክለኛ ነው ወይ» ውስጥ ሦስት ጥያቄ አለ። ዕቃው ወርቅ ነው? ፎቶው የዚያው ዕቃ ነው? የሚደርሰኝስ ያው ዕቃ ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ ፎቶ ጭራሽ አይመልስም። ሁለተኛውን አንዳንዴ በክፉ በኩል ይመልሳል፣ አሁን እንዳየነው። ሦስተኛው ገና ያልሆነ ነገር ስለሆነ የትናንት ፎቶ ስለ ነገ ምን ያውቃል?

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመፈተን ፎቶውን በኢንተርኔት ምስል ፍለጋ ውስጥ ማስገባት ትችያለሽ። ያው ምስል የሌላ አገር ወርቅ ቤት ገጽ ላይ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ካልተገኘ ግን ምንም አላወቅሽም፤ ዛሬ ጠዋት የተነሳ ፎቶ የትም አይገኝም፣ የቅብ አምባርም ቢሆን። ፎቶው ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ቀንና ሰዓት አለ ይባላል። አዎ አለ፤ ቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲልከው ያጠፋዋል፤ ባይጠፋም የሚመዘግበው የስልኩን ሰዓት ነው፣ ያን ደግሞ ማንም ይቀይረዋል።

ቪዲዮ ኮልስ? ይሻላል። «አሁን ሚዛን ላይ አውጣው፣ አሁን ገልብጠው፣ ሦስት ጣትህን አጠገቡ አድርግ» ስትዪው ማድረግ ካልቻለ ያነጋግራል። ማድረጉ ግን አምባሩ በእጁ እንዳለ ነው የሚያሳየው። ቅብም በእጅ ይያዛል።

ፎቶ በጣም የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ፤ ያገለገለ ዕቃ። ቅብ የሚያልቀው ሁልጊዜ የሚፋተግበት ቦታ ላይ ነው። አምባር ከሆነ ከጠረጴዛ ጋር የሚጋጨው የውጭ ጠርዝ፣ ሀብል ከሆነ አንዱ ቀለበት ሌላውን የሚያሽበት የውስጥ ጥግ፣ ቁልፍ ከሆነ ጥፍር የሚያርፍበት። እዚያ ቦታ ላይ ከቢጫው ሥር ቀይ ወይም ነጭ ወይም ግራጫ ብቅ ብሎ፣ ድንበሩም እንደተላጠ ቀለም ከታየ፣ ያን ፎቶ እንደ ጥሩ ማስረጃ እቀበለዋለሁ። ወርቅ እስከ ውስጡ ወርቅ ነው፣ ሲፋቅ ሌላ አይሆንም። ግን ብየዳ ያለበትን ቦታ ተጠንቀቂ። ብየዳው ብዙ ጊዜ ከሌላው አካል ያነሰ ካራት ስለሆነ እውነተኛ ወርቅ ላይም ጠቆር ሊል ይችላል። በዚያ ምክንያት የእናቷን ቀለበት «ቅብ ነው» ብላ ልትጥል የደረሰች ሰው አውቃለሁ። ያንቺ አምባር ደግሞ አዲስ ነው። አዲስ ቅብ ገና የተላጠ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ አለመታየቱ ምንም አይመሰክርም።

ታዲያ ምን ይመሰክራል? ውሃ ይመሰክራል፤ ቤትሽ መሥራት ትችያለሽ። እስከ 0.01 ግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን ያስፈልግሻል። መጀመሪያ አምባሩን በደረቁ መዝኚ፤ 23.80 ይበል። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጪና ዜሮ አድርጊው። አምባሩን በቀጭን ክር አስረሽ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አንጠልጥይው። የብርጭቆውን ሥርና ጎን እንዳይነካ፣ አረፋ እንዳይዝ። ብርጭቆው ሰፊ ይሁን፣ አለዚያ አምባሩ አይገባም። ሚዛኑ የሚያሳይሽ ቁጥር አምባሩ የገፋው ውሃ ነው፤ የአምባሩ መጠን ማለት ነው። 1.40 ካለ 23.80ን በ1.40 አካፍይ፤ 17። የ21 ካራት ቦታ ከ16.8 እስከ 17.5 ነው፣ እንደ ተጨመረበት መዳብና ብር። 1.53 ካለ 15.6 ገደማ ይመጣል፤ ያ 18 ካራት ነው፣ በ21 ዋጋ ሊሸጥልሽ ነበር። 2.80 ካለ 8.5 ነው፤ ነሐስ።

ቅድም ስስ ነው ያልኩሽ ያው ስሌት እኮ ነው። ልዩነቱ ውፍረቱን ከሻጭ አፍ ሳይሆን ከውሃ መውሰድሽ ነው። የእሱም ወሰን አለው። ውስጡ ባዶ የሆነ አምባር አየር ስለያዘ ቁጥሩን ያበላሸዋል፤ ወርቅ ሆኖ ነሐስ ይመስልብሻል። ድንጋይ የተሰካበትም አይሆንም። ተንግስተን የሚባል ብረት ደግሞ ክብደቱ ከንጹህ ወርቅ ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። እሱ የሚያሳስበው የጡብ ወርቅ የሚገዛን ሰው ነው። እንደ ወርቅ ስለማይተጣጠፍና ስለሚሰበር ለአምባር አይመችም።

ከውሃው ቀጥሎ የእኛ ድንጋይ አለ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አምባሩን ታሽዋለሽ፣ ቢጫ መስመር ይተዋል። አጠገቡ 21 ካራት መሆኑ የታወቀ መፈተኛ መርፌ ታሽዋለሽ። ሁለቱም ላይ አሲድ ይነካል። ነሐስ ወዲያው አረፋ ብሎ ይጠፋል። 21 ካራት ከመርፌው እኩል ይቆያል። እዚህም ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። አንጥረኛው ከላይ ብቻ አሽቶ ካለፈ ድንጋዩ ላይ የቀረው ቅቡ ነው፤ እሱም እንደ ካሜራው ቆዳውን አየ ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ ያለው በጨረር የሚለካ ማሽንም የሚያነበው ላይኛውን ስስ ሽፋን ነው፤ ወፍራም ቅብ ሊያታልለው ይችላል። ስለዚህ በሞረድ በማይታይ ቦታ፣ በውስጥ በኩል፣ ትንሽ ጫር አድርጎ ከዚያ ጭረት ውስጥ ይፈትን። ሻጭ «ጭረት አልፈልግም» ቢል መብቱ ነው። አንቺም አለመግዛት መብትሽ ነው።

ለሻጩ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «አራተኛው ፎቶ ላይ ያለው አምባር ማጠፊያ አለው፣ ሚዛን ላይ ያለው የለውም፤ የምትሸጠው የትኛውን ነው?» ሌላ ምንም አትጨምሪ። ከመለሰ፣ የመረጥሽው ወርቅ ቤት በአካል ይምጣ፤ ፈተናው ፊትሽ ይካሄድ፣ ገንዘቡም አምባሩም ከዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀያየር። አምባሩ ለፈተና ወደ ጓዳ እንዳይገባ። ገብቶ መውጣት ካለበት ግን ያን ጊዜ ስልክሽን አውጪ። ማህተሙን፣ ጭረቱን፣ ብየዳውን በቅርብ አንሺ። ሲወጣ ያው ጭረት ያው ቦታ ላይ መኖሩን አስተያይ። ደንበኞቼ ለጥገና ሲሰጡኝ «አንሡት» የምላቸው እኔ ነኝ፤ ቅር የሚለኝ የለም። ያ ፎቶ ወርቅ መሆኑን አይነግርሽም፤ የሰጠሽው ያው መሆኑን ግን ይነግርሻል።

ውሃው ላይ የወጣውን ቁጥር ላኪልኝ፣ እኔ አካፍልልሻለሁ።